ልኬቱ አልቋል፤ ዋጋው ግን የት ላይ ያለ ዋጋ ነው?

ሰሞኑን ሁለት የቀድሞ ተማሪዎቼ በተለያየ ቀን አንድ አይነት ጥያቄ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። "መምህር፣ ቴክኦፉን ጨርሻለሁ፤ ዋጋውን ከየት አምጥቼ ልሙላ?" አንዷ ደግሞ ጨመር አድርጋ "መጨረሻ ላይ 10 ፐርሰንት መጠባበቂያ መጨመር አለብኝ አይደል?" አለችኝ። ለሁለቱም አጭር መልስ ልሰጥ ጀመርኩና ተውኩት። በአጭሩ የሚነገር ነገር አይደለም። ባለፈው ዓመት የሰራሁትን አንድ ስራ ይዤ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው፣ ሌሎቻችሁም ታነቡታላችሁ።

ስራው ሁለት የመማሪያ ክፍል ነው። የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፤ ከዞኑ ከተማ 27 ኪሎ ሜትር አስፋልት፣ ከዚያ 11 ኪሎ ሜትር ኮረኮንች። የአካባቢው ሰው፣ እዚያ ተምረው የወጡ ልጆች፣ አረብ አገር ያሉም ጭምር፣ ሶስት ዓመት ሙሉ አዋጥተው 2,500,000 ብር ባንክ አስገብተዋል። ኮሚቴ አለ፣ ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤቱ የድሮ ዳይሬክተር ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው፣ እኔም ጋሼ ልበላቸው።

ወደ እኔ ሲመጡ በእጃቸው ግምት ነበራቸው። የከተማው አንድ ጎበዝ ፎርማን የሰራላቸው ነው፤ ድምሩ 1,840,000 ብር። በዚያ ስሌት 660,000 ብር ይተርፋል ማለት ነው። በተረፈው ብር ዴስክና የመምህራን ማረፊያ ይሰራ ወይስ አጥር ይታጠር የሚል ክርክር ተጀምሮ ነበር። እኔ የተጠራሁት ስሌቱን እንዳይላቸው ብቻ ነው፣ "አንድ ቀን አይፈጅብህም" ተብዬ።

ፎርማኑ ልኬቱን በትክክል ነው የሰራው። ፕላኑን ይዤ ደግሜ ለካሁት፣ የሚያስጨንቅ ልዩነት የለም። አርማታው 26 ሜትር ኩብ፣ የመሰረቱ የድንጋይ ግንብ 42 ሜትር ኩብ። ጉዳዩ ያለው የነጠላ ዋጋ አምዱ ላይ ነው። እያንዳንዱ ዋጋ እውነተኛ ዋጋ ነው፣ ማንም ነጋዴ ጋር ሄዳችሁ ብትጠይቁ የሚነግራችሁ። ግን ከተማ ላይ ያለ ዋጋ ነው። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከተማ ውስጥ አይደለም።

ይሄን በአንድ መስመር ብቻ ላሳያችሁ፣ አርማታውን እንውሰድ። (ዋጋዎቹ የዚያን ሰሞንና የዚያ አካባቢ ናቸው። ገልብጣችሁ ለራሳችሁ ስራ እንዳትጠቀሙበት፣ አደራ! የሚጠቅማችሁ አካሄዱ ነው።)

አርማታው ሲ-25 ነው፣ በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ፣ በሳጥን ሲለካ 1 ለ 2 ለ 3። ለአንድ ሜትር ኩብ 3.6 ኩንታል ሲሚንቶ፣ ግማሽ ሜትር ኩብ አሸዋና 0.75 ሜትር ኩብ ጠጠር ይገባል። ፎርማኑ እንዲህ ነው ያሰላው፦ ሲሚንቶ በ1,500 ብር፣ 5,400። አሸዋ በ2,200፣ 1,100። ጠጠር በ2,300፣ 1,725። የሰው ጉልበትና የሚክሰር ኪራይ 1,813። ድምር 10,038 ብር በሜትር ኩብ። ወረቀቱ ንጹህ ነው፣ መደመሩም ልክ ነው።

አሁን ሲሚንቶውን ትምህርት ቤቱ ግቢ እናድርሰው። 1,500 ብር የሱቅ በር ላይ ያለ ዋጋ ነው። ደረሰኝ ይቆረጣል ወይ፣ ቫቱ ውስጡ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ፤ አለ አሉ። ይህን ሁልጊዜ ጠይቁ፣ ምክንያቱም 15 ፐርሰንት ቀልድ አይደለም፣ እንዲህ ያለ ኮሚቴ ደግሞ የከፈለውን ቫት ከማንም አያስመልስም። ከዚያ 50 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ እስከ ትምህርት ቤቱ 9,000 ብር ይላል። በኩንታል 180 ብር። ከተማ ላይ ጫኝ 20 ብር፣ እዚያ ደግሞ አውራጅ 20 ብር። ስለዚህ ግቢው ውስጥ የቆመ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ 1,720 ብር ነው። በቀዳዳ ከረጢት የሚፈሰውን፣ እርጥበት የሚነካውን፣ ሚክሰሩ ላይ የሚቀረውን 5 ፐርሰንት ብዬ ያዝኩ፣ 3.78 ኩንታል ይሆናል። 6,502 ብር። ፎርማኑ 5,400 ያለው ማለት ነው።

አሸዋው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይበላል።

ፎርማኑ የያዘው 2,200 ብር የመጣው ከሲኖትራክ ነው። ከተማ ድረስ አንድ ቢያጆ 16 ሜትር ኩብ በ35,200 ብር ይደፋል። ነገር ግን ኮረኮንቹ ላይ አንዲት የእንጨት ድልድይ አለች፣ ሲኖትራክ አያልፍባትም። ይህን የነገረኝ ወረቀት ሳይሆን መንገዱን ሄጄ ማየቴ ነው። የሚያልፈው 5 ሜትር ኩብ የሚባለው ትንሹ ገልባጭ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ከወንዙ እስከ ትምህርት ቤቱ አንዱን ቢያጆ 16,000 ብር ይላል። በሜትር ኩብ 3,200። ያው አሸዋ፣ ያው ወንዝ፤ አንድ ሺህ ብር የጨመረው ድልድዩ ነው።

ሌላው ደግሞ "5 ሜትር ኩብ" የሚባለው ነገር ነው። አሸዋው ወንዙ ላይ እርጥብ ሆኖ ተቆልሎ ይጫናል። እርጥብ አሸዋ ያብጣል፤ በመንገድ ሲንገጫገጭና ሲደርቅ ደግሞ ይቀመጣል። አንድ መኪና ከመደፋቱ በፊት አስቆምኩና አሸዋውን በግራ በቀኝ አስደልድዬ በሜትር ለካሁት፤ ርዝመቱ 3.20፣ ወርዱ 1.90፣ የአሸዋው ከፍታ 0.75። አባዙት፣ 4.56 ይመጣል። ሹፌሩ አላጭበረበረም፣ ሲጫን 5 ነበር። እኛ ግን የምናቦካው የደረሰውን ነው። ስለዚህ ግማሽ ሜትር ኩብ ለማግኘት መግዛት ያለብኝ 0.55 ነው፣ መሬት ላይ የሚቀረውንና ነፋስ የሚወስደውን ስጨምር 0.58። በ3,200 ሲባዛ 1,856 ብር።

ጠጠሩ ያን ያህል አይቀመጥም፣ 0.80 ብዬ ያዝኩት። ግቢው ድረስ 3,400 ብር ነው፣ 2,720 ሆነ።

ውሃ። ፎርማኑ ወረቀት ላይ ውሃ የሚል ቃል የለም፣ ምክንያቱም ከተማ ውስጥ ቧንቧ ይከፈታል። እዚያ ግን ውሃ በአህያ ነው የሚመጣው፣ 20 ሊትር ጀሪካን 15 ብር። ለማቡኪያ፣ ለማጠቢያና አርማታውን ለቀናት ለማጠጣት በሜትር ኩብ 20 ጀሪካን ብዬ 300 ብር ጻፍኩ።

ወደ ጉልበት እንሂድ። የፎርማን፣ የሁለት ግንበኛ፣ የሚክሰር ኦፕሬተር እና የ14 የቀን ሰራተኛ ክፍያ በቀን 9,500 ብር ነው። ሚክሰርና ቫይብሬተር ከነነዳጁ 5,000። ድምር 14,500 ብር በቀን። በዚህ ላይ ማንም አይከራከርም፤ ክርክሩ በቀን ስንት ሜትር ኩብ ይሞላል የሚለው ላይ ነው። ፎርማኑ 8 ብሏል፣ ከተማ ላይ እሱ ራሱ 8 ሲሞላ አይቼዋለሁ። እዚያ ግን ሰራተኛው ለስራው አዲስ ነው፣ ውሃው ደግሞ በአህያ ፍጥነት ይመጣል። 6 ብዬ ያዝኩ። 14,500ን ለ6 ስናካፍል 2,417 ይመጣል። ተማሪዎቼ፣ የጉልበት ነጠላ ዋጋ ማለት የደሞዝ ጥያቄ ሳይሆን የምርታማነት ጥያቄ ነው እያልኩ ስጮህ የነበረው ይህን ነው። ደሞዙን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። የሚያሳስተው ማካፈያው ነው።

ስንደምረው፦ 6,502 እና 1,856 እና 2,720 እና 300 እና 2,417፣ በጠቅላላው 13,795 ብር። ከ10,038 ጋር ያለው ልዩነት በሜትር ኩብ 3,757 ብር ነው። በ26 ሜትር ኩብ ሲባዛ ወደ 97,700 ብር ይመጣል፣ አርማታው ላይ ብቻ። ከዚህ 3,757 ውስጥ ደግሞ ብክነቱን፣ ውሃውንና የስራ ፍጥነቱን ብታወጡ 2,117ቱ ንጹህ የመንገድ ዋጋ ነው።

"መምህር፣ ታዲያ ትራንስፖርቱን ለብቻው አንድ መስመር ላይ ብናስቀምጠውስ?" የሚል ይኖራል። ብዙዎች እንዲያ ያደርጋሉ፤ መጨረሻ ላይ "ትራንስፖርት 5 ፐርሰንት" ብለው ይጨምራሉ። አልወደውም፣ ምክንያቱም መንገድ ሁሉንም እኩል አይነካም። አሁን ባየነው ላይ ጉዞው ከነጫኝና አውራጁ ሲሚንቶውን ወደ 15 ፐርሰንት፣ አሸዋውን 45 ፐርሰንት፣ ጠጠሩን 48 ፐርሰንት ነው ያስወደደው። ርካሽና ከባድ ነገር መንገድ ይጎዳዋል። የበር እጀታና ቁልፍ በአንድ ካርቶን አውቶቡስ ላይ ይመጣል፣ ምንም አይሆንም። ስለዚህ መንገዱ በየዕቃው ዋጋ ውስጥ ይግባ። ለብቻ መስመር የሚገባው አንዴ ብቻ የሚሆነው ነው፤ ሚክሰሩን ማምጣትና መመለስ፣ የዘበኛ፣ የመጋዘን ቆርቆሮ። እሱ እዚያ ስራ ላይ 84,000 ብር ሆነ።

(በኮንትራክተር የሚሰራ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ የኮንትራክተሩ ወጪና ትርፍ ይጨመር ነበር፤ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 25 ፐርሰንት። ኮሚቴው ራሱ ገዝቶ ራሱ ቀጥሮ ስለሚያሰራ አልጨመርኩም።)

ሌሎቹን መስመሮች በዚሁ መንገድ ሰራኋቸው፣ አላሰለቻችሁም። ብሎኬቱ በኮረኮንች ላይ ይሰበራል፣ ጣሪያው ይህን ያህል አይለወጥም። ድምሩ ከዘበኛውና ከሚክሰሩ ጋር 2,430,000 ብር ሆነ።

ይህን ቁጥር ስነግራቸው ቤቱ ጸጥ አለ። 660,000 ብር ተራፊ የነበረው 70,000 ሆነ፣ ዴስኩም አጥሩም በአንድ ምሽት ጠፉ። ግን ጋሼ ቶሎ ተጽናኑ። "ደህና፣ ቢያንስ በቅቶናል። እንጀምር" አሉ።

እኔ ደግሞ ገና አልጨረስኩም ነበር። መጠባበቂያ የሚለውን መስመር ሳነብ ነው ነገር የተነሳው።

ጋሼ ቃሉን አልወደዱትም። በስራ ዘመናቸው ብዙ ሲያስገነቡ የኖሩ ሰው ናቸው። "ልጄ፣" አሉኝ፣ "መጠባበቂያ ማለት የሚበላ ገንዘብ ማለት ነው። አርባ ዓመት አይቼዋለሁ። ወረቀት ላይ ከተጻፈ አንድም ቀን ተርፎ አያውቅም። የድሃ ብር ነው ያለን፣ ለምን እንደሆነ ያልታወቀ ብር አላስቀምጥም።"

እውነቱን ለመናገር ግማሹን እስማማለሁ። ማንም ሳያስብበት የሚጨምረው 10 ፐርሰንት በትክክል እሳቸው ያሉት ነው። ለምን 10? ለምን 7 አይሆንም? ጠይቃችሁ "ልማዱ ነው" ከተባለ የሚበላ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ፐርሰንቱን ትተን ምን ሊፈጠር እንደሚችል በብር እንጻፍ አልኳቸው።

መጀመሪያ መሬቱ። ቦታው ጥቁር አፈር ነው፣ ኮትቻ። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ መሰረት እሱ ላይ አይቀመጥም፣ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ይቆፈራል። ሁለት ማዕዘን ላይ ጉድጓድ አስቆፍረን ነበር፤ በአንዱ ፕላኑ ያለው ጥልቀት ላይ ጠንካራ መሬት ተገኘ፣ በሌላው 40 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች። የመሰረቱ ጠቅላላ ርዝመት 54 ሜትር ነው። ሁሉም ቦታ 40 ሴንቲ ቢጨምር፣ በግማሽ ሜትር ወርድ 10.8 ሜትር ኩብ ተጨማሪ ግንብ ነው፣ በ7,200 ብር፤ ቁፋሮውን ጨምሮ 83,000 ብር።

ሁለተኛ ሲሚንቶ። በጠቅላላው ወደ 220 ኩንታል ያስፈልጋል። ዋጋ የጠየቅንበት ቀንና የመጨረሻውን ኩንታል የምንገዛበት ቀን መካከል ወራት አሉ። በኩንታል 300 ብር ቢጨምር 66,000 ብር። "ታዲያ ሁሉንም ዛሬ እንግዛ" አለ አንድ የኮሚቴው አባል። ጥሩ ሀሳብ ይመስላል፣ ግን ሲሚንቶ እንደ ጤፍ አይደለም፣ አይከማችም። ሶስት ወር ካለፈው፣ በተለይ እርጥበት ባለበት ቆርቆሮ ቤት፣ ጉልበቱ ይቀንሳል። በሁለት ዙር ነው የሚገዛው።

ሶስተኛ ነዳጅ። በግምቱ ውስጥ የተበተነው መጓጓዣ ሲሰበሰብ ወደ 200,000 ብር ነው። 15 ፐርሰንት ቢጨምር 30,000።

አራተኛ ደግሞ ማንም ቆጣሪ የማያያቸው ትንንሽ ነገሮች፤ ምስማር፣ ማሰሪያ ሽቦ፣ የተሰበረ አካፋ፣ ፕላኑ ላይ የጎደለች ደረጃ። ለነሱ ከጠቅላላው 2 ፐርሰንት፣ 48,600።

ድምሩ ወደ 228,000 ብር መጣ። 10 ፐርሰንት ደግሞ 243,000 ነው። ያኔ ጋሼን "ስለዚህ 10 ፐርሰንቱ እዚህ ቦታ ላይ ልማድ አይደለም፣ ቁጥሩ ራሱ እዚያ ነው የወሰደን" አልኳቸው። መሬቱ ገረጋንቲ ቢሆንና ስራው በሁለት ወር የሚያልቅ ቢሆን 5 ፐርሰንት እላቸው ነበር። ጉድጓድ ሳንቆፍር ቢሆን ደግሞ 10ም አይበቃም።

ጋሼ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጥያቄ ጠየቁ፣ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ የበለጠ የወደድኩትን። "ታዲያ ለምን በየመስመሩ ላይ ትንሽ ትንሽ ጨምረህ አልደበቅከውም? ሰው ሁሉ እንዲያ አይደል የሚያደርገው?"

አዎ፣ ሰው ሁሉ እንዲያ ነው የሚያደርገው። ሲሚንቶውን በ1,720 ፈንታ በ1,900 መጻፍ፣ አሸዋውን 0.58 በማለት ፈንታ 0.70 ማለት። ችግሩ ምንድን ነው፣ ገዢው 1,900 የተፈቀደለት መሆኑን ካየ በ1,850 ሲገዛ ያተረፈ ይመስለዋል። የተደበቀ መጠባበቂያ ሳይታወቅ ያልቃል፣ መሬቱ በእውነት ሲሰጥም ደግሞ የለም። በሁለት ቦታ የተደበቀ ከሆነማ፣ አንዴ ዋጋው ላይ፣ አንዴ መጨረሻ ላይ፣ ግምቱ ተለጥጦ ስራው መጀመር ሲችል "አንችልም" ተብሎ ይቀራል። ነጠላ ዋጋው ዛሬ እዚያ ግቢ ውስጥ የሚከፈለው ትክክለኛ ዋጋ ይሁን፣ ብክነቱ የተለካ ብክነት ይሁን፣ የማናውቀው ነገር ለብቻው ይቀመጥ፣ ሁላችንም እያየነው።

በዚህ ተስማማን፣ ግን ጋሼ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ። 243,000ው በሌላ የባንክ ሂሳብ ይገባል። የሚወጣው በቃለ ጉባኤ ብቻ ነው፣ ከአራቱ ምክንያቶች የትኛው እንደደረሰ ተጽፎ፣ ከነልኬቱ። እኔ ካስተማርኩት የተሻለ ነው፣ ከዚያ ወዲህ በየስራው እጠቀምበታለሁ።

ያም ሆኖ ሂሳቡ አልሞላም። 2,430,000 ላይ 243,000 ሲጨመር 2,673,000። ባንክ ያለው 2,500,000። 173,000 ብር ይጎድላል። ሁለት መንገድ ነበር የቀረበው፤ አንዱ መጠባበቂያውን ቀንሶ መጀመር፣ ሌላው አንድ ክፍል ብቻ ሰርቶ መጨረስ። ከኮሚቴው ሁለቱ አባላት ቀንሰን እንጀምር፣ ለጣሪያው እግዜር ያውቃል አሉ። ግድግዳው ቆሞ ጣሪያ ሳይለብስ ሁለት ሶስት ክረምት የመታው የትምህርት ቤት ብሎኬት ሁላችሁም አይታችኋል፣ በየመንገዱ አለ።

ያዳነን የህዝብ ጉልበት ነው። ይህን ልብ በሉ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ በስህተት ይሰላል። ሰው "ድንጋዩን ህብረተሰቡ ያመጣል" ሲባል በዋጋው ቦታ ላይ ዜሮ ይጽፋል። እኔ መጀመሪያ ሁሉንም በሙሉ ዋጋው ነበር የጻፍኩት። ለግንቡ 52.5 ሜትር ኩብ ድንጋይ፣ ለወለሉ ንጣፍ 34 ሜትር ኩብ፣ በ1,800 ብር። 94,500 እና 61,200። ቁፋሮና መልሶ ሙሌት 20,000። በጠቅላላው 175,700 ብር። ተራራው ከግቢው 600 ሜትር ነው የሚርቀው። የአካባቢው ሽማግሌዎች ድንጋዩንም ቁፋሮውንም እንወጣለን ሲሉ ያ ቁጥር "የህብረተሰብ ድርሻ" በሚል አምድ ተዛወረ፤ ከጥሬ ገንዘቡ ተቀነሰ እንጂ ከግምቱ አልጠፋም። ሰው ባይመጣ ምን ያህል ብር እንደሚጎድለን ሁሉም ያውቃል፣ የመጣውም ስንት ብር እንዳዋጣ ያውቃል። ጥሬ ገንዘቡ 2,497,300 ብር ሆነ። 2,700 ብር ተረፈን፣ ሳቅን።

ቀኑም ግምቱ ውስጥ ተጽፏል። ድንጋዩ ከአጨዳና ከውቂያ በኋላ፣ ጥርና የካቲት ላይ፤ አሸዋና ጠጠሩ ኮረኮንቹ ሳይጨቀይ። ክረምት ከገባ ያቺ 3,200 ብር ዋጋ የለችም፣ መኪናውም አይገባም።

እስካሁን የሆነውን ልንገራችሁ። ቁፋሮው ሲወጣ በምስራቅ በኩል 20 ሜትር ያህል ርዝመት 45 ሴንቲ ወደ ታች ሄደ። 4.5 ሜትር ኩብ ግንብ፤ ድንጋዩ የህዝብ ስለሆነ የወጣው ለሲሚንቶ፣ ለአሸዋና ለግንበኛ ብቻ ነው፣ 22,275 ብር። ሁለተኛው ዙር ሲሚንቶ፣ 120 ኩንታል፣ ሱቁ 1,640 ገብቶ ጠበቀን፤ 16,800 ብር። ሁለቱም በቃለ ጉባኤ ወጥተዋል። ነዳጁ እስካሁን አልነካንም። በዚያ ሂሳብ ላይ 203,925 ብር አለ፣ ብሎኬቱ የመስኮት አናት ላይ ደርሷል፣ ቆርቆሮው ገና አልተገዛም። ጋሼ በየሳምንቱ ሰኞ ደውለው ቀሪውን ሂሳብ ያነቡልኛል፣ ሳንቲም ሳይቀር።

የነጠላ ዋጋ ትንተናውን ኤክሴል የምትፈልጉ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። የዋጋ አምዱን ባዶ አድርጌ ነው የምልከው።